አጭር ዜማን በጆሮ ሰምቶ በኖታ መጻፍ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደብረ ብርሃን ውስጥ ጥቂት ወጣቶችን ኖታ አስተምራለሁ። ኖታ ማንበብ የጀመሩ ሁሉ ሁለት ወር ሳይሞላቸው አንድ ነገር ያምራቸዋል፤ የአያታቸውን ወይም የጎረቤታቸውን ዘፈን በአምስቱ መስመር ላይ ማስቀመጥ። ከዚያ በኋላ የሚጠይቁኝ ጥያቄ ከዓመት ዓመት ያው ስለሆነ መልሶቹን እዚህ ሰብስቤአቸዋለሁ።

ለመልሶቹ ሁሉ የምጠቀመው አንድ ዜማ ነው። መንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ የሚኖሩት አክስቴ ወተት ሲገፉ የሚያንጎራጉሯት ሁለት ስንኝ ናት።

ውጣ ውጣ ቅቤ፣
ጠብቆሃል ልቤ።

ስልኬን አውጥቼ ልቅዳዎ ስላቸው «እኔ የምገፋው ወተት ነው፤ ይኼ ደግሞ ዘፈን ተብሎ ይቀዳል?» ብለው ሳቁብኝ። ኋላ እንደምታዩት፣ ከሁሉ የከበደውን ስህተቴን ያረሙልኝም እሳቸው ናቸው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ምን ዓይነት ዜማ ልምረጥ?

አንድ ሰው ብቻ የሚዘፍነው፣ መሣሪያ የሌለበት፣ ከአሥር ሴኮንድ ያልበለጠና እየተደጋገመ የሚመለስ ዜማ ምረጡ። ድግግሞሹ ትልቅ ጥቅም አለው፤ በመጀመሪያው ዙር ያመለጣችሁን በሦስተኛው ታገኙታላችሁ። ብዙዎች በሠርግ ዘፈን መጀመር ይፈልጋሉ። እኔ አልመክርም። ጭብጨባው፣ ከበሮውና እልልታው ተደራርቦ ዜማውን ይሸፍነዋል፤ ተቀባዮቹም በአንድ ድምፅ አይገጥሙም። የሥራ ዘፈን ይሻላል፣ በተለይ የሚወዛወዝ ወይም የሚመታ ነገር ካለበት። ለምን እንደሆነ ስለ ምት ስናወራ ግልጽ ይሆናል።

በምን ልቅዳ? ስልክ ይበቃል?

ይበቃል። የሚያበላሸው ስልኩ ሳይሆን ነፋሱ ነው። በእኛ አገር ደጅ የተቀዳ ድምፅ ግማሹ ሹክሹክታ ግማሹ ነፋስ ስለሚሆን ቤት ውስጥ ቅዱ። የመግፊያው ቅል ሲወዛወዝ መደቡን ያንቀጠቅጠው ስለነበር እኔ ስልኩን በአራት የታጠፈ ባና ላይ አስቀመጥኩት፤ ሱፉ ንዝረቱን ያዘልኝ። ከአፍ አንድ ክንድ ያህል ርቀት ጥሩ ነው። ቢያንስ አራት ዙር ይዘፈን።

ቀረጻውን ማዘግየት ካስፈለጋችሁ ፍጥነቱ ሲቀንስ የድምፁ ከፍታ አብሮ እንዳይወርድ ተጠንቀቁ። በኮምፒውተር Audacity የምትጠቀሙ ከሆነ Change Tempo የሚለው ከፍታውን ሳይነካ ያዘገያል። ከፍታውም አብሮ የሚወርድበትን መንገድ ከመረጣችሁ ግን በግማሽ ፍጥነት የምትሰሙት ዜማ አንድ ኦክታቭ ወርዶ የወንድ ድምፅ ይመስላችኋል።

እርሳስ የማነሳው መቼ ነው?

ቀረጻውን ዘግታችሁ ዜማውን ራሳችሁ መዝፈን ስትችሉ። ጀማሪ ሁሉ የሚሠራው ስህተት ይኼ ነው፦ አንድ ድምፅ ሰምቶ ያቆማል፣ ይጽፋል፣ ሁለተኛውን ይሰማል፣ ያቆማል። እንዲህ ሲደረግ እያንዳንዱ ድምፅ ከጎረቤቱ ተነጥሎ ይሰማል፤ ዜማ ደግሞ በጎረቤታሞች መካከል ያለ ርቀት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ስሙ፣ ከዘፋኟ ጋር አብራችሁ አንጎራጉሩ፣ ከዚያ ያለ እሷ ሞክሩ። የጠፋባችሁ ቦታ ካለ ጆሮአችሁ ያልያዘው እዚያ ነውና ያቺን ብቻ ደግማችሁ ስሙ። ከዚህ በኋላ የምትጽፉት ከቀረጻው ሳይሆን ከራሳችሁ ጉሮሮ ነው። ጉሮሮአችሁን እንደልባችሁ ማዘግየት፣ ማቆምና መመለስ ትችላላችሁ።

የድምፃችሁ ውበት ምንም አይደለም። የእኔን የሰማ ያውቃል።

መጀመሪያ ከፍታውን ነው ወይስ ምቱን የምጽፈው?

ምቱን። ከፍታው ቢሳሳት አንድ ኖታ ይታረማል፤ ምቱ ከተሳሳተ ግን ገጹ ሙሉ ይቀደዳል።

ምት ማለት እግራችሁ ሳታዝዙት የሚመታው ነው። በአክስቴ ቀረጻ ላይ እሱን መፈለግ አላስፈለገኝም፤ ቅሉ ወደፊት ሲገፋ አንድ፣ ወደኋላ ሲመለስ አንድ፣ ወተቱ በየጊዜው ሲንቦጫረቅ ይሰማል። በ20 ሴኮንድ ውስጥ 26 ጊዜ ቆጠርኩ፤ በደቂቃ 78 ማለት ነው። ፍጥነቱ ይኸው።

ቀጥሎ እያንዳንዱ ምት ላይ የትኛው የቃል ክፍል እንደሚወድቅ አጣራሁ። በጭብጨባ ዘፍኑትና እዩት፦ ው፣ ው፣ ቅ፣ ቤ፤ ጠ፣ ቆ፣ ል፣ ቤ። ስምንት ምት። ቅሉ ሄዶ ሲመለስ አንድ ዙር ስለሆነ ሁለት ሁለቱን ምት አንድ ባር አደረግሁት። (ባር የምለው በኖታ ላይ በሁለት ቋሚ መስመሮች መካከል ያለውን ክፍል ነው፤ ከክፍሉ ሲወጡ ወደ ሌላኛው ባር የሚሄዱ ተማሪዎች ስላሉኝ ነው ማብራራቴ።) ስምንት ምት ለሁለት ሲካፈል አራት ባር ይወጣል።

የቀሩት ጣ፣ ጣ፣ ብ እና ሃል በምቶቹ መካከል ይወድቃሉ። ግን የት? እኩል መሐል ላይ ነው ወይስ ወደ ቀጣዩ ምት ተጠግተው? ለዚህ የማስተምረው ዘዴ ቀላል ነው። እያጨበጨባችሁ በእያንዳንዱ ጭብጨባ ላይ «ሎ-ሚ-ዬ» በሉ፤ «ሎ» ጭብጨባው ላይ ትውደቅ፣ ሦስቱም እኩል ይሁኑ። ከዚያ ዜማውን በላዩ ዝፈኑት። «ጣ» ከ«ዬ» ጋር ትገጥማለች። ስለዚህ ምቱ በሦስት ይከፈላል፤ «ው» ሁለቱን ትወስዳለች፣ «ጣ» አንዷን። «ጣ» ከ«ሎ» እስከ «ሎ» ድረስ ልክ አጋማሹ ላይ ብትወድቅ ኖሮ ምቱ በሁለት የሚከፈል ሌላ ዜማ ይሆን ነበር።

ይኼ 6/8 ነው ወይስ 3/4? ሁለቱም ስድስት ስምንተኛ ኖታ አይደሉም?

ናቸው፤ ስለዚህ ቆጥሮ መለየት አይቻልም። የሚለያቸው ጭብጨባው ነው። በ6/8 አንዱን ባር ሁለት ጊዜ ታጨበጭባላችሁ፣ እያንዳንዱም ጭብጨባ ሦስት ስምንተኛ ይይዛል። በ3/4 ደግሞ ሦስት ጊዜ ነው፣ እያንዳንዱም ሁለት ስምንተኛ ይይዛል።

አንዷ ተማሪዬ ይህንኑ ዜማ በ3/4 ጽፋ አመጣችው። ኖታዎቹ ሁሉ ልክ ነበሩ። የጻፍሽውን እያጨበጨብሽ ዝፈኚው አልኳት። «ውጣ ውጣ» ስትል ሁለተኛው ጭብጨባ «ጣ» ላይ ወደቀ፤ ሦስተኛው ደግሞ የሁለተኛዋ «ው» ሆድ ውስጥ ገባ፤ «ው» ራሷ ስትጀመር ምንም ጭብጨባ አላገኘችም። ፊቷ ላይ ሲታይ በእንክርዳድ ጠላ የሰከረች ትመስል ነበር። ቀረጻውን ከፍተን ቅሉን ስናዳምጥ ሁለተኛው ግፊት በትክክል «ው» ላይ ነው። በአገራችን ሕዝባዊ ዘፈን ውስጥ ምቱ በሦስት የሚከፈል ዜማ እጅግ ብዙ ስለሆነ ስትጠራጠሩ አስቀድማችሁ 6/8ን ሞክሩ።

«ዶ» የቱ እንደሆነ እንዴት አውቃለሁ?

እዚህ «ዶ» የምለው ፒያኖ ላይ የተወሰነ ቁልፍ ሳይሆን የዜማውን ቤት ነው፤ ዘፋኟ የትም ዞራ የምታርፍበትን ድምፅ። ዜማውን ዘፍናችሁ ስትጨርሱ ዝም በሉና አፋችሁን ዘግታችሁ «ም…» እያላችሁ ደስ ያላችሁን ድምፅ ያዙ። አብዛኛውን ጊዜ ጉሮሮ ራሱ ቤቱን ያገኘዋል። ከዚያ ፈትኑት፤ ዜማውን በየመሐሉ ቆርጣችሁ አቁሙ። «ውጣ ውጣ ቅቤ» ብላችሁ ብታቆሙ ሰሚው ይጠብቃል፤ ነገሩ አላለቀም። «ልቤ» ላይ ስታቆሙ ያልቃል። ስለዚህ የመጨረሻዋ «ቤ» ዶ ናት።

የመጨረሻው ድምፅ ሁልጊዜ ዶ ነው ብላችሁ ግን አትደምድሙ። ዙሩን ለመቀጠል ሲሉ በተንጠለጠለ ድምፅ የሚጨርሱ ዘፈኖች አሉ። የሚወስነው ዕረፍቱ እንጂ ተራው አይደለም።

እያንዳንዱን ድምፅ እንዴት ልለየው?

በመሰላል። ቤቱን ካገኛችሁ በኋላ ከቤቱ ተነስታችሁ በቅኝቱ ደረጃ ወደ ላይ እየወጣችሁ የምትፈልጉት ድምፅ ላይ ስትደርሱ ቁሙ። አክስቴ የዘፈኑት በትዝታ ቅኝት ነው፤ መሰላሉ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብቻ ነው። ፋ እና ሲ የሉም። ቅኝቱን አስቀድማችሁ ባታውቁትም በዜማው ውስጥ ያሉትን የተለያዩ ድምፆች ከታች ወደ ላይ ደርድሯቸውና በፒያኖ ወይም በስልክ ላይ ባለ ኪቦርድ ርቀታቸውን ቁጠሩ። ነጩንም ጥቁሩንም ሳይዘሉ ከአንዱ ቁልፍ ወደ ጎረቤቱ አንድ ግማሽ ቶን ነው። በሜጀር ትዝታ ከዶ ጀምሮ ርቀቱ 2፣ 2፣ 3፣ 2፣ 3 ይሆናል። ከቤቱ ወደ ቀጣዩ ድምፅ 1 ብቻ፣ ከዚያ 4 ከዘለለ አምባሰልን ጠርጥሩ፤ የእሱ ርቀት 1፣ 4፣ 2፣ 1፣ 4 ነው።

አሁን የመጀመሪያዋን «ው» እንያዝ። ቤቱን «ም…» እላለሁ፣ ከዚያ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል እያልኩ እወጣለሁ። ሶል ላይ ስደርስ ከ«ው» ጋር ገጠመ። ስለዚህ «ው» ሶል ናት። «ጣ» ከእሷ አንድ ደረጃ ከፍ ትላለች፤ ላ። ሁለተኛዋ «ው» ወደ ሶል ትመለሳለች። ሁለተኛዋ «ጣ» ትወርዳለች፤ አንድ ደረጃ ነው ወይስ ሁለት? ሶል፣ ሚ፣ ሬ እያልኩ ስወርድ ሚ ላይ ገጠመች። «ቅ» ሬ፣ «ቤ» ሚ። የመጀመሪያው ስንኝ እንዲህ ሆነ፦

ሶል ላ ሶል ሚ | ሬ ሚ

ሁለተኛው ስንኝ ደግሞ ከሚ ተነስቶ ሶልን ይነካና ይወርዳል፦

ሚ ሶል ሚ ሬ | ? ዶ

የጥያቄ ምልክቷ ያለችበት «ል» ከቤቱ በታች ትወርዳለች። የተሸነፍኩት እዚያ ነው።

በራሴ ጆሮ እርግጠኛ ሆኜ ተሳስቼ እንደሆነስ?

እኔ እርግጠኛ ነበርኩ። ከዶ ወደ ታች ወርዶ ተመልሶ ዶ የሚያርፍ ድምፅ ስሰማ እጄ ሳያመነታ ሲ ብሎ ጻፈ። ምክንያቱ ስንፍና አልነበረም፤ ኖታ የተማርኩት በፒያኖ ነውና ጣቶቼ «ሲ-ዶ» ብለው መጨረስ ለምደዋል። ጆሮ የሚሰማውን ብቻ አይሰማም፤ የለመደውንም ይጨምራል።

መንዝ ስመለስ ለአክስቴ ከወረቀቱ ዘፈንኩላቸው። እስከ «ጠብቆሃል» ድረስ እየነቀነቁ ሰሙኝና «ልቤ» ስል ቅሉን አቆሙት። «እዚያ ላይ አልወረድህም» አሉኝ። ደግሜ ዘፈንኩ። «ምነው ልጄ፣ ደፍ ላይ ቆመህ ቀረህ፤ ግባ እንጂ ወደ ታች» አሉና ራሳቸው ዘፈኑት። ላ ነበረች።

በቁጥር ሲታይ ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። ከሲ እስከ ዶ አንድ ግማሽ ቶን ሲሆን ከታችኛዋ ላ እስከ ዶ ሦስት ነው። ይህን ለመፈተን ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው «ል»ን ያዙና ከእሷ እስከ ዶ ያሉትን የኪቦርድ ቁልፎች አንድ በአንድ መታ መታ አድርጉ፤ መሐል ላይ ሌሎች ቁልፎች ካሉ ሲ አይደለችም። ሁለተኛው ቀላሉ ነው፤ የሰማችሁትን ድምፅ በቅኝቱ መሰላል ውስጥ ፈልጉት። ትዝታ ውስጥ ሲ ከሌለች፣ ሲ የጻፈ ሰው ቀረጻውን ደግሞ የመስማት ዕዳ አለበት። ዘፋኙ ከቅኝቱ ሊወጣ ይችላል፣ ግን መጀመሪያ የሚጠረጠረው ጸሐፊው ነው።

ስለዚህ የአራተኛው ባር መጀመሪያ የታችኛዋ ላ ናት፦

ሚ ሶል ሚ ሬ | ላ ዶ

በየትኛው ከፍታ ልጻፈው? ዘፋኟ በዘፈነችበት ነው?

ለጀማሪ አይደለም። የስልኬ ድምፅ መለኪያ የአክስቴን ዶ B ብሎ አሳየኝ። በዚያው ብንጽፈው ቁልፍ ምልክቱ አምስት ሻርፕ ይሸከማል። ዜማ ሙሉ በሙሉ ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ቢጻፍ በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀት ስለማይለወጥ ዜማነቱን አያጣም። እኔ ዶን ጂ ላይ አደረግኋት፤ እንዲህ ሲሆን ሁሉም ኖታ በአምስቱ መስመር ውስጥ ይገባል፣ ተጨማሪ መስመር አያስፈልግም። ገጹ አናት ላይ «የተዘፈነው ዶ = B» ብላችሁ ጻፉ፤ የነበረውን ማወቅ የሚፈልግ ሰው ያገኘዋል።

ስለ ስም አንድ ማሳሰቢያ። በእኛ ፊደል ሲጻፍ የዶ-ሬ-ሚዋ «ሲ» እና የኤ-ቢ-ሲዋ «ሲ» አንድ ሆነው ያርፋሉ፤ ድምፃቸው ግን የተለያየ ነው። በክፍሌ ውስጥ ከዚህ የመጣ ክርክር ስንቱን ቅዳሜ በላው። ደረጃን ስትናገሩ በዶ-ሬ-ሚ ብቻ፣ የመስመሩን ቦታ ስትናገሩ በኤ-ቢ ብቻ ተናገሩ፤ አትቀላቅሉ።

በትሬብል ክሌፍ፣ ከታች ወደ ላይ ስንቆጥር የእኛ ድምፆች ቦታ ይኸው። የታችኛዋ ላ (ኢ) የመጀመሪያው መስመር ላይ፣ ዶ (ጂ) ሁለተኛው መስመር ላይ፣ ሬ (ኤ) ሁለተኛው ክፍተት ውስጥ፣ ሚ (ቢ) መሐለኛው መስመር ላይ፣ ሶል (ዲ) አራተኛው መስመር ላይ፣ የላይኛዋ ላ (ኢ) አራተኛው ክፍተት ውስጥ። ከክሌፉ ቀጥሎ ኤፍ ላይ አንድ ሻርፕ ይጻፋል። ዜማው ውስጥ ኤፍ ስለሌለ ምንም ድምፅ አይለውጥም፤ ቤቱ ጂ መሆኑን ለአንባቢው ለመንገር ብቻ ነው።

ርዝመቱን እንዴት ልሳለው?

ከላይ የቆጠርነውን እንተርጉመው። የ«ሎ-ሚ-ዬ» አንዷ ክፍል አንድ ስምንተኛ ኖታ ናት። ሁለቱን የምትወስደው «ው» ሩብ ኖታ ትሆናለች፣ አንዷን የምትወስደው «ጣ» ስምንተኛ። «ቅ» እና «ቤ» ሙሉውን ምት ስለሚይዙ ሦስት ስምንተኛ ናቸው፤ ይኸውም ነጥብ ያለው ሩብ ኖታ ነው። እያንዳንዱን ባር ደምሩ፦ 2+1+2+1፣ ከዚያ 3+3። ስድስት ያልሞላ ወይም ያለፈ ባር ካለ እዚያው ላይ ተሳስታችኋል። መሐለኛው መስመር ላይና ከዚያ በላይ ያሉ ኖታዎች ጭራቸው ወደ ታች፣ ከዚያ በታች ያሉት ወደ ላይ ይሁን።

ኖታ በጽሑፍ የሚቀበል የABC ፕሮግራም ያላችሁ ይህን ለጥፋችሁ ከእጅ ጽሑፋችሁ ጋር አመሳክሩት።

```
X:1
M:6/8
L:1/8
Q:3/8=78
K:G
d2 e d2 B | A3 B3 | B2 d B2 A | E3 G3 |]
```

ግጥሙን ከኖታው ሥር ስጽፍ ፊደሎቹ ይበዙብኛል። ለምን?

ሳድስ ፊደል አንዳንድ ጊዜ ራሱን ችሎ ይነገራል፣ አንዳንድ ጊዜ ያለፈውን ፊደል ብቻ ይዘጋል። ኖታ የሚያገኘው በአፍ የሚነገረው ክፍል እንጂ ፊደሉ አይደለም። «ጠብቆሃል» አምስት ፊደል አለው፣ ሲዘፈን ግን አራት ነው፦ ጠ-ብ-ቆ-ሃል። የመጨረሻዋ «ል» አናባቢ ስለሌላት ከ«ሃ» ጋር በአንድ ኖታ ሥር ትገባለች። «ልቤ» ላይ ያለችው «ል» ግን ራሷን ችላ ሙሉ ምት ትይዛለች፤ ፊደሏ አንድ፣ ዕጣዋ ሁለት ነው። ስለዚህ ክፍፍሉን ከጽሑፉ ሳይሆን ከዘፋኟ አፍ ውሰዱ። በሌላ ዜማ ውስጥ ያው ቃል በሌላ መንገድ ሊከፈል ይችላል።

ድምፁ ሲንቀጠቀጥ ወይም ከሁለት ቁልፍ መካከል ሲወድቅ ምን ልጻፍ?

አክስቴ የመጀመሪያውን «ቅቤ» ሲሉ «ቤ» ላይ ድምፃቸውን ያርገበግባሉ። በሙሉ ፍጥነት ስሰማው ቅልጥፍና ብቻ ነው፤ በግማሽ ፍጥነት ሚ-ሬ-ሚ ሆኖ ተለየልኝ። በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ ሚን ብቻ ጻፉ። አጽሙ ከቆመ በኋላ ጌጡን በትናንሽ ኖታዎች ጨምሩበት። ሃንጋሪያዊው ቤላ ባርቶክም የገበሬ ዘፈኖችን ሲጽፍ ዋናውን ድምፅ በትልቅ፣ ጌጡን በትንሽ ኖታ ይለይ ነበር። ጌጡን ከአጽሙ ጋር እኩል አድርጎ የጻፈ ሰው ወረቀቱን ማንም ሊያነብለት አይችልም፤ እሱም ራሱ ሳምንት ሳይቆይ ይጠፋበታል።

ሌላው ነገር ከፍታው ነው። የእሳቸው ሚ ከፒያኖው ሚ ትንሽ ዝቅ ትላለች፤ መለኪያው ሃያ ሴንት ያህል ወደ ታች ያሳያል፣ አንድ ግማሽ ቶን መቶ ሴንት ነው። ይህ ስህተታቸው አይደለም፤ ሁልጊዜ እዚያው ላይ ነው የምትወድቀው። አምስቱ መስመር ለዚህ ቦታ የለውም። እኔ ሚ ጽፌ ከራሱ በላይ ወደ ታች የሚያመለክት ትንሽ ቀስት አደርጋለሁ። ፍላት አድርጎ መጻፍ ግን ሌላ ድምፅ መጻፍ ነው።

ከዚህ የተለየ አንድ ወጥመድም አለ። ያለ መሣሪያ የሚዘፍን ሰው ቤቱን ይዞ ቀስ እያለ ይንሸራተታል። በእኔ ቀረጻ ውስጥ በአራተኛው ዙር ዶ ራሷ ግማሽ ቶን ልትሞላ ምንም አልቀራትም። የመጀመሪያውን ዙር ዶ ይዛችሁ የአራተኛውን ዙር «ው» ብትለኩ ሶል ሳይሆን የሌለ ድምፅ ታገኛላችሁ። ቤቱን ሁልጊዜ ከዚያው ዙር ውሰዱ።

የቤተ ክርስቲያን የዜማ ምልክት ተምሬአለሁ። ይረዳኛል?

ጆሮአችሁን ይረዳል፤ ከማንም ተማሪ ፈጥናችሁ የምታደርጉት ዜማን በቃል መያዝን ነው። ግን ሁለቱን ጽሕፈቶች አታምታቱ። ድፋት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ርክርክ የሚሉት ምልክቶች ዜማውን ከመሪጌታው አፍ ለተማረ ሰው ድምፁን እንዴት እንደሚያስኬደው ያስታውሱታል። ዜማውን ሰምቶት የማያውቅ ሰው በእነሱ ብቻ አያዜመውም። አምስቱ መስመር የሚሞክረው ተቃራኒውን ነው፤ ሰምቶ የማያውቅ ሰው ከፍታውንና ርዝመቱን ቆጥሮ እንዲደርስበት። የድጓ ተማሪ የነበረ አንድ ልጅ ያስቸገረኝ ርዝመት ላይ ብቻ ነው። የተዘረጋውን ድምፅ «እስኪበቃ» ይይዘዋል እንጂ አይቆጥረውም ነበር። ለእሱ «ሎ-ሚ-ዬ»ን ሁለት ቅዳሜ ሙሉ አስጨበጨብኩት።

የጻፍኩት ልክ መሆኑን በምን አውቃለሁ? በየዙሩ የተለያየ ከዘፈኑስ?

ራሳችሁ አትመርምሩት፤ ዜማውን ስለምታውቁት ወረቀቱ ላይ የሌለውን ሁሉ እያሟላችሁ ታነባላችሁ። ዘፈኑን ሰምቶት ለማያውቅ፣ ኖታ ለሚያነብ ሰው ስጡት። ሲዘፍነው ዝም ብላችሁ ስሙ፣ አትርዱት። የሚደናቀፍበት ቦታ የእናንተ ስህተት ወይም የማይነበብ ጽሑፍ ነው። ከዚያ የሚቻል ከሆነ ዘፋኟ ራሷ ትስማው። ኖታ አታንብብ፤ «አልወረድህም» ማለት ግን ትችላለች።

ዙሮቹ መለያየታቸው የማይቀር ነው። አክስቴ በሦስተኛው ዙር «ጠብቆሃል»ን ከሚ ሳይሆን ከሶል ይጀምሩታል። የትኛው ነው ትክክሉ ብዬ ስጠይቃቸው «ቅቤው ሲዘገይ እንደዚያ ነው» አሉኝ። ስለዚህ ዋናው ገጽ ላይ ብዙ ጊዜ የተደጋገመውን ጻፍኩ፤ ከሦስተኛው ባር በላይ በትንሽ ኖታ ሌላውን አስቀምጬ ከጎኑ «ቅቤው ሲዘገይ» አልኩበት።